ያገለገለ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ቻርጀሩን ይንቀሉ

ጥያቄ፦ «ያገለገለ ላፕቶፕ ከገበያ ልገዛ ነው። ሻጩ ከፍቶ ሲያሳየኝ ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፣ ባትሪው 100% ይላል፣ ኪቦርዱ ላይም ስሜን ጽፌ አየሁት፣ ይሠራል። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ብሩን ከመክፈሌ በፊት እዚያው ቆሜ ሌላ ምን ማየት አለብኝ?»

መልስ፦ 100% የሚለው ቁጥር ባትሪው አሁን መሙላቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ምን ያህል መያዝ እንደሚችል አይነግርዎትም። ጀሪካንና ብርጭቆ እስከ አፋቸው ቢሞሉ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ የሚይዙት ግን አይገናኝም። ከዚህም በላይ ቻርጀሩ እንደተሰካ ከሆነ ላፕቶፑ የሚሠራው በቻርጀሩ ኃይል ስለሆነ ባትሪው ጨርሶ አልተፈተነም። በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ባትሪ እንኳ ቻርጀር ላይ እስካለ ድረስ ሙሉ መስሎ መታየት ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት ነገር ቻርጀሩን መንቀል ነው፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ፖርቶቹን የሚያዩት ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነው። ባትሪ ለመፈተን ጊዜ ይፈልጋል፣ የቀሩት ፍተሻዎች ደግሞ ያንኑ ጊዜ ይሞላሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ ሁሉም ነገር በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል።

ከቤት ሲወጡ አንድ ፍላሽ፣ የጆሮ ማዳመጫና ወደ ላፕቶፑ የሚገባው ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ የስልክዎን የዳታ ገመድ ይያዙ። ፍላሹ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ የሚረዝም ቪዲዮ እና ምንም ነገር የሌለባቸው አንድ ወጥ ቀለም ያላቸው አምስት ሥዕሎች ያስቀምጡ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። እዚያ ሲደርሱ ላፕቶፑ ተከፍቶ እየጠበቀዎት ከሆነ ሻጩን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋው ይጠይቁት። ከዚያ ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ይነሣ። ሲነሣ የሚያስቸግር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተሞከረ የማይበራ ላፕቶፕ ቀድሞ ተከፍቶ ሲቆይ ችግሩ አይታይም። Windows ወይም ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያልተጫነበት፣ «ቤት ወስደህ ትጭንበታለህ» የሚባል ላፕቶፕ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ከምጽፈው አብዛኛውን መሞከር ስለማይችሉ ተጭኖ እስኪያዩት ድረስ አይክፈሉ።

ላፕቶፑ ሲነሣ ሰዓቱንና የባትሪውን ፐርሰንት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ይጨምሩ፣ ከፍላሽዎ ላይ ቪዲዮውን ያስጀምሩ። ከዚያ የWindows ቁልፍን ከ R ጋር አብረው ተጭነው በሚመጣው ሳጥን ውስጥ cmd ብለው ይጻፉና Enter ይበሉ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ ይህን ያስገቡ፦

```
powercfg /batteryreport
```

ትእዛዙ battery-report.html የሚባል ፋይል ይፈጥርና የት እንዳስቀመጠው እዚያው ይጽፍልዎታል። ያንን ፋይል ሲከፍቱት ብዙ ሠንጠረዥ ያያሉ፤ የሚፈልጉት Installed batteries በሚለው ርእስ ሥር ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። DESIGN CAPACITY ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲይዝ የታሰበው መጠን ነው፤ FULL CHARGE CAPACITY ደግሞ ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው ነው። ቁጥሮቹ የተጻፉት mWh በሚባል የባትሪ አቅም መለኪያ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 50,000 mWh፣ ሁለተኛው 31,500 mWh ቢሆን ባትሪው የቀረው አቅም 63% ነው ማለት ነው። በእኔ ሚዛን ከ80% በላይ የሆነ ያገለገለ ባትሪ ጥሩ ነው፣ በ60 እና በ80 መካከል ያለው ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፣ ከ50 በታች የሆነው ግን ዋጋው ሲነገር እንደሌለ መቆጠር አለበት።

ይሁን እንጂ በዚህ ሪፖርት ብቻ አይርኩ። ሁለተኛው ቁጥር ባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ሰርኪት ካለፉት ሙሌቶች ተነሥታ የምትገምተው እንጂ አሁን የተለካ አይደለም። ላፕቶፑ ለወራት ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ብቻ ከሠራ ግምቱ ያረጀ ይሆናል፤ ጥራት በጎደለው ተተኪ ባትሪ ላይ ደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች ፍጹም እኩል ሆነው፣ CYCLE COUNT የሚለውም ባዶ ወይም ዜሮ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዓመታት ባገለገለ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ እንከን የለሽ ቁጥር ሲያዩ ባትሪው ተቀይሯል ብለው ይገምቱ፣ ስለ ጥራቱ ግን ቁጥሩ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ያስጀመሩት ቪዲዮ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። መካከለኛ የቢሮ ላፕቶፕ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን ሆኖ ቪዲዮ ሲያጫውት በግምት ከ10 እስከ 15 ዋት ይወስዳል። 12 ዋት እንበል፤ ይህ በሰዓት 12,000 mWh ስለሆነ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀው ሲሶው፣ 4,000 mWh ነው። ባትሪው ሪፖርቱ እንዳለው በእርግጥ 31,500 የሚይዝ ከሆነ 4,000 ማለት ከ13% ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ ከ100 ተነሥቶ 87 አካባቢ መገኘት አለበት። በ20 ደቂቃ ውስጥ 70 ላይ ካገኙት ግን ያው 4,000 የባትሪውን 30% በልቷል፤ እውነተኛው አቅም 13,000 ገደማ ነው፣ ይህም ከፋብሪካው መጠን ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ባትሪ በዚህ አጠቃቀም ሁለት ሰዓት ተኩል ያቆይዎታል፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ብቻ። ለጨዋታ የተሠሩ ትላልቅ ላፕቶፖች ከዚህ በጣም የሚበልጥ ኃይል ስለሚወስዱ ለእነሱ ይህን ስሌት አይጠቀሙ። አንዳንድ ባትሪ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች 100 ላይ ቆሞ ስለሚቆይም በአምስት ደቂቃ አይፍረዱ።

ከመውረዱ ፍጥነት በላይ የሚያሳስበው አወራረዱ ነው። ፐርሰንቱ በእርጋታ መውረድ ሲገባው ከ62 ተነሥቶ በአንዴ 41 ላይ ከወደቀ፣ ወይም 35% እያለ ላፕቶፑ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ካለ፣ ባትሪው ውስጥ ካሉት ሴሎች አንዱ ደክሟል፤ ይህ ባትሪ በቅርቡ መቀየሩ የማይቀር ነው። ሌላው ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ላፕቶፑን ዘግተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ማዕዘኖቹን በጣትዎ ነካ ነካ ያድርጉ። የሚወዛወዝ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ክፍተት የሚተው፣ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ተገፍቶ አልጫን ያለ ከሆነ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና አይጫኑት፣ ቻርጅም አያድርጉት፣ «ምንም አይልም» ቢባሉም ይዘውት ወደ ቤት አይሂዱ።

ቪዲዮው እየሄደ ሳለ ወደ ስክሪኑ ይለፉ። ስክሪን የሚፈተነው በሚያምር የዴስክቶፕ ሥዕል አይደለም፤ ተራራና አበባ የሞላበት ሥዕል ጉድለትን ይደብቃል። ነጩን ሥዕል ይክፈቱና F11 ተጭነው ስክሪኑን ሙሉ ይሙሉት። ነጭ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ የሞተ ፒክስል ነው፤ ዳር ላይ አንድ ቢሆን ከዋጋ መቀነሻነት አልፎ ብዙ አያሳስብም። እንደ ቀለም ጠብታ የፈሰሰ የሚመስል ጥቁር እድፍ ግን መስታወቱ ውስጥ ስንጥቅ እንዳለ ያሳያል፣ እያደር ሊሰፋም ይችላል። ነጭ ላይ ፈዘዝ ወይም ደመቅ ብሎ የሚታይ ክብ ደመና ክዳኑ በሆነ ነገር ተጭኖ የኋላ መብራቱ ንጣፎች እንደተጎዱ የሚያሳይ ነው፤ ለዓይን ያስቸግራል እንጂ ራሱ አያድግም። ቀጥለው ወደ ጥቁሩ ሲሄዱ አንድ ቀለም ላይ ደርቀው የቀሩ ነጥቦች እንደ ኮከብ ያበራሉ፤ በዳር በኩል የሚያፈተልክ ብርሃንም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። የቀሩትን ሦስት ቀለማት በፍጥነት አይተው ማለፍ ይችላሉ።

በዚህ ፍተሻ ገዢዎች የሚዘነጉት ማጠፊያውን ነው። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰው ቀጭን ገመድ የሚያልፈው በማጠፊያው ውስጥ ሲሆን፣ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እሱም ይታጠፋል። ነጩ ሥዕል ስክሪኑን እንደሞላ ክዳኑን ከፊት መሃሉ ላይ ይዘው ሊዘጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀስ ብለው ያውርዱት፣ ከዚያም በዚያው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይውሰዱት። በአንድ የተወሰነ ዝንባሌ ላይ ብቻ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም መስመር መጥቶ ከጠፋ ገመዱ ተበልቷል። ሻጩ ላፕቶፑን ሲያሳይዎት አንድ ቦታ ላይ አቁሞት ስለሚቆይ ይህ ጉድለት ካላንቀሳቀሱት አይታይም። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ወይም በማጠፊያው አጠገብ ያለው ፕላስቲክ አፉን ከከፈተ ማጠፊያው የታሰረበት ቦታ ተሰብሯል፤ ብሎን በማጥበቅ የሚስተካከል ስላልሆነ «ትንሽ ነገር ናት» የሚለውን አይቀበሉ።

ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም የተበላሸ ቀለም ካዩ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ከአካባቢው ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ያስመጡና በኤችዲኤምአይ ገመድ ያገናኙት። መስመሩ በውጭው ስክሪን ላይ ካልታየ ችግሩ የላፕቶፑ ስክሪን ወይም ገመዱ ነው፤ ሁለቱም የሚቀየሩ ናቸው። በውጭው ላይም ያው መስመር ከታየ ግን ችግሩ ምናልባት ምስሉን የሚሠራው ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ማዘርቦርድ ከሚባለው ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለሆነ ያኔ ድርድሩ ማብቃት አለበት። ይህ ሙከራ የኤችዲኤምአይ ፖርቱንም አብሮ ስለሚፈትንልዎት ስክሪኑ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ቢያደርጉት ይጠቅማል።

ስምዎን መጻፍዎ ኪቦርዱን አልፈተነውም፤ ስም የሚነካው ከሰማንያ በላይ ከሆኑት ቁልፎች ጥቂቱን ነው። በመጀመሪያ ከላፕቶፑ ጋር የተሰካ የውጭ ኪቦርድ ወይም ማውስ ካለ ይንቀሉት። ከዚያ እንደገና የWindows ቁልፍንና R ን ተጭነው osk ብለው ያስገቡ፤ ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ሥዕል ይመጣል፣ እርስዎ የጫኑት ቁልፍም ሥዕሉ ላይ ቀለሙን ይለውጣል። ከላይ በግራ ጀምረው ረድፍ በረድፍ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ይጫኑ። ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱንም Shift፣ Backspace፣ ቀስቶቹንና የብርሃንና የድምፅ ቁልፎቹን አይዝለሉ፤ የብርሃንና የድምፅ ቁልፎቹ ሥዕሉ ላይ ላይታዩ ስለሚችሉ የእነሱን ሥራ ብርሃኑና ድምፁ ሲለወጥ ይዩ። ቀጥለው Notepad ከፍተው ጥቂት መስመር ይጻፉበት፤ አንዴ ተነክቶ ሁለቴ የሚጽፍ ወይም ማንም ሳይነካው ፊደል የሚደረድር ቁልፍ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

አንድ ቁልፍ ብቻ ካልሠራ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የገባ ቆሻሻ ወይም የተሰበረ ማቀፊያ ነው፣ በቀላሉም ሊስተካከል ይችላል። ሦስት አራት ቁልፎች አብረው ሲሞቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁልፎቹ ከሥር የሚገናኙት በረድፍና በዓምድ በተዘረጉ መስመሮች ስለሆነ አንድ መስመር ሲቋረጥ በእሱ ላይ ያሉት በሙሉ ይጠፋሉ፤ ሁልጊዜም ጎን ለጎን አይሆኑም። መስመሩን የሚበላው በአብዛኛው የፈሰሰ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ቁልፎች በቡድን ከሞቱ፣ ወይም ሲጫኑ እየተጣበቁ ቀስ ብለው ከተመለሱ፣ መብራት ይዘው በቁልፎቹ መካከል እድፍ ይፈልጉ፣ የፖርቶቹንም ውስጥ ዝገትና አረንጓዴ ዱቄት እንዳለበት ይዩት። ኪቦርዱ ራሱ ሊቀየር ይችላል፤ ከኪቦርዱ አልፎ ማዘርቦርድ ላይ የደረሰ ፈሳሽ ግን ዛሬ የሚሠራውን ክፍል ከወራት በኋላም ሊበላው ይችላል። የፈሳሽ ምልክት ያለበትን ላፕቶፕ በምንም ዋጋ እንዲገዙ አልመክርም።

ፖርቶችን በተመለከተ የተለመደው ማሳመኛ ማውስ ሰክቶ ቀዩን መብራት ማሳየት ነው። መብራቱ የሚያረጋግጠው ፖርቱ ኃይል እንደሚሰጥ ብቻ ነው፤ ዳታ የሚያልፍባቸው ጥርሶች ተሰብረው ኃይሉ ብቻ ሊቀር ይችላል። ቪዲዮውን ለጊዜው ያቁሙና ፍላሽዎን እያንዳንዱ የዩኤስቢ ፖርት ላይ ሰክተው ከእሱ ላይ ፋይል ይክፈቱ፣ ፋይሉ ክፍት እንዳለም ፍላሹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ያነቃንቁት። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ፖርቱ ልቅ ነው። ክብ ጠርዝ ያለውን ትንሹን ታይፕ ሲ ፖርት ደግሞ በስልክዎ ገመድ ይሞክሩት፤ ገመዱ በሁለቱም ፊት ስለሚገባ አንድ ጊዜ ሰክተው ሲያዩት ገልብጠው ይድገሙት። በአንዱ ፊት ብቻ ከሠራ ግማሹ ጥርስ ተጎድቷል። ሁሉም ታይፕ ሲ ፖርት ቻርጅ እንደማያደርግና ምስል እንደማያወጣ ግን ይወቁ፤ ይህ የአሠራር ልዩነት እንጂ ብልሽት ላይሆን ስለሚችል የሞዴሉን መግለጫ አይተው ይፍረዱ። የጆሮ ማዳመጫው ሲሰካ የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ዝም ማለት፣ ሲነቀል ደግሞ መመለስ አለበት።

እስከዚህ ሲደርሱ 20ው ደቂቃ አልፏልና ፐርሰንቱን አንብበው ከላይ ባለው ስሌት ይመዝኑት። ከዚያ ነው ቻርጀሩ ተመልሶ የሚሰካው፤ የቻርጀሩ ማስገቢያ ከሌሎቹ ፖርቶች ሁሉ ይበልጥ ስለሚደክም ጊዜ ይስጡት። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን በጥቂቱ ያዘንብሉትና የባትሪውን ምልክት ይመልከቱ። ቻርጅ ማድረጉ የሚቆራረጥ ከሆነ ወይም ሻጩ ገመዱን «በዚህ በኩል አዘንብለህ ነው» ብሎ የሚያስተካክለው ከሆነ ማስገቢያው ወይም ገመዱ ተበላሽቷል፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሌላ ቻርጀር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ማስገቢያው በራሱ አጭር ገመድ የተያያዘ ስለሆነ በቀላሉ ይቀየራል፣ በሌሎች ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። የተሰካ ሆኖ ቻርጅ አያደርግም የሚል ጽሑፍ ከመጣ ወዲያው ብልሽት ነው አይበሉ፤ የባትሪ ዕድሜ ለማራዘም በ80% ወይም በ60% ላይ እንዲቆም ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ያንን ማስተካከያ አስጠፍተው ፐርሰንቱ ሲጨምር በዓይንዎ ይዩ። የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ቻርጀሩ የዚያ ላፕቶፕ አይደለም ወይም የመለያ መስመሩ ተበላሽቷል፤ ላፕቶፑ ሊበራ ይችላል፣ ባትሪውን ግን ላይሞላ ይችላል፣ ፍጥነቱም ሊቀንስ ይችላል። ትክክለኛው ቻርጀር ይምጣ።

ይህ ሁሉ የማያሳየው ነገርም አለ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የማይታይ፣ ላፕቶፑ ለሰዓታት ሲግል ብቻ የሚመጣ ብልሽት ያመልጥዎታል፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀናት የመመለስ መብት በጽሑፍ የሚሰጥዎትን ሻጭ ይምረጡ። ሲያስነሡትም BIOS የሚባለውን፣ Windows ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተውን የማስተካከያ ገጽ ሻጩ እንዲከፍትልዎት ጠይቀው በይለፍ ቃል እንዳልተቆለፈ ያረጋግጡ።

የተገኘውን ጉድለት ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዝኑ። የደከመ ባትሪ፣ የሞተ አንድ ቁልፍ፣ ዳር ላይ ያለ አንድ ፒክስል ላፕቶፑን ላለመግዛት ምክንያት አይሆኑም፤ የባትሪውን ወይም የኪቦርዱን መቀየሪያ ዋጋ እዚያው ጠይቀው ከተባለው ላይ ያስቀንሱ፤ ያለዚያ ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የፈሳሽ ምልክት፣ በውጭ ስክሪንም ላይ የሚታይ መስመር፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ልቅ የቻርጀር ማስገቢያና ያበጠ ባትሪ ግን በቅናሽ የሚካካሱ አይደሉም፣ ይተዉት። ሻጩ ቻርጀሩን ለ20 ደቂቃ እንዲነቅሉ ካልፈቀደልዎትም እንደዚሁ ትተውት ይሂዱ።